ተራ፣ ኢንቨርተር ወይስ ያገለገለ? የፍሪጅ የ10 ዓመት ሂሳብ

ፍሪጅ ሁለት ዋጋ አለው። አንዱ በሩ ላይ የተለጠፈው ነው፤ እሱን ተከራክረን እናስቀንሳለን። ሁለተኛው ከመብራት ሂሳብ ጋር ተቀላቅሎ በየወሩ ይወጣል፤ እሱን የሚከራከረው የለም። ካውያ ተኩሰን እንነቅለዋለን፣ ቴሌቪዥን ስንተኛ እናጠፋለን። ፍሪጅ ግን ከተሰካበት ቀን ጀምሮ ሌት ተቀን እንደተሰካ ነው።

ይህ ሁለተኛው ዋጋ በአንዳንድ ቤት የፍሪጁን መግዣ ይበልጣል። በሌላ ቤት ደግሞ ሢሶውን ቢሞላ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ፍሪጁ ብቻ አይደለም፤ የመብራት ታሪፉም ነው። ስለዚህ «ኢንቨርተር ግዛ፣ ይቆጥብልሃል» ወይም «ያገለገለ ይበቃሃል» የሚል ሰው ታሪፍህን ካልጠየቀህ ግማሽ ምክር ነው የሰጠህ።

እዚህ የማወዳድረው ሦስት አማራጮችን ነው፦ አዲስ ተራ ፍሪጅ፣ ሞተሩ ፍጥነቱን የሚለዋውጥ አዲስ ኢንቨርተር ፍሪጅ እና ያገለገለ ፍሪጅ። ሦስቱም ለአንድ ቤተሰብ የሚበቁና በመጠን ተቀራራቢ ናቸው እንበል። አገርና ገንዘብ ስለሚለያይ ዋጋውን በየትኛውም ገንዘብ አልጽፈውም። የአዲሱን ተራ ፍሪጅ ዋጋ 100 እንበለውና ሌላውን ሁሉ በሱ እንለካው።

በመጀመሪያ ኪሎዋት ሰዓቱን ማግኘት

ለሂሳቡ የሚያስፈልገን ዋና ቁጥር ፍሪጁ በዓመት የሚበላው ኪሎዋት ሰዓት ነው። ቆጣሪያችን የሚቆጥረውም፣ የምንከፍለውም በዚሁ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ቁጥር ከተሳሳተ ቦታ ይወስደዋል። ከፍሪጁ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ሰሌዳ ያይና «120 ዋት» የሚል ያገኛል። በ24 ሰዓት ያባዛዋል፣ በ365 ቀን ያባዛዋል፤ በዓመት ከ1,000 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይመጣለታል። ይደነግጣል። ነገር ግን የተራ ፍሪጅ ሞተር ቀኑን ሙሉ አይሠራም። ውስጡ ሲቀዘቅዝ ይጠፋል፣ ሲሞቅ ይነሳል። ከቀኑ 40 በመቶውን ያህል ቢሠራ ትክክለኛው ቁጥር ወደ 420 ይወርዳል። ኖ ፍሮስት ከሆነ ደግሞ በረዶውን የሚያቀልጥ ማሞቂያ ስላለው፣ ሰሌዳው ላይ የዚያ ማሞቂያ ዋት ለብቻው ሊጻፍ ይችላል። እሱም የሚሠራው ለአጭር ጊዜ ነው። ስለዚህ የጀርባው ሰሌዳ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው ይጠቅም ይሆናል እንጂ ለዚህ ሂሳብ አይሆንም።

ለአዲስ ፍሪጅ ትክክለኛው ምንጭ የኃይል ፍጆታ ተለጣፊው ነው። ባለቀለም መሰላል ያለው፣ ወይም ኮከብ የተደረደረበት ወረቀት። ዓይን የሚይዘው ፊደሉ ወይም ኮከቡ ነው፤ እናንተ ግን እሱን እለፉትና «ኪሎዋት ሰዓት በዓመት» የሚለውን ቁጥር ፈልጉ። ፊደሉ የሚለካው ከፍሪጁ መጠንና ዓይነት አንጻር ነው። ስለዚህ ጥሩ ፊደል ያለው ትልቅ ባለሁለት በር ፍሪጅ፣ መጥፎ ፊደል ካለው ትንሽ ፍሪጅ የበለጠ ሊበላ ይችላል። ቆጣሪ ደግሞ ፊደል አያነብም።

ፊደል በዘመንም ይለያያል። የአውሮፓ ኅብረት በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. መሰላሉን ከኤ እስከ ጂ አድርጎ እንደ አዲስ ሲያወጣ፣ የፕላስ ምልክቶቹ ቀሩ። በድሮው መሰላል ኤ ሦስት ፕላስ የነበረው ፍሪጅ በአዲሱ ሲ ወይም ዲ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ፍሪጁ አልተበላሸም፤ መለኪያው ነው የጠበቀው። ያረጀ ተለጣፊ ያለበትን ከአዲስ ጋር በፊደል የሚያወዳድር ሰው ይሸወዳል። ኪሎዋት ሰዓቱ ግን አይሸውድም። እሱም ቢሆን የመለኪያው ዘዴ ስለተቀየረ በመጠኑ ይለያያል፤ ቢሆንም ከፊደል በጣም የተሻለ ነው።

ላገለገለ ፍሪጅ፣ ወይም አሁን ቤት ላለው፣ መለካት ይሻላል። ሶኬትና መሰኪያ መካከል የሚገባ ትንሽ የኃይል መለኪያ አለ። ፍሪጁን በሱ አልፎ ሰኩት፤ እንደተለመደው እየከፈታችሁና እየዘጋችሁ አንድ ሙሉ ሳምንት ተዉት። ለአንድ ሰዓት መለካት ዋጋ የለውም፤ ሞተሩ በጠፋበት ሰዓት ልታገኙት ትችላላችሁ። በሳምንቱ መጨረሻ መለኪያው 12.5 ኪሎዋት ሰዓት ቢያሳይ፣ በ7 አካፍላችሁ በ365 ስታባዙት በዓመት 650 ገደማ ይሆናል። ያገለገለ የሚሸጥ ሰው ሳምንት ላይታገሣችሁ ይችላል። ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት እንዲሠራ ጠይቁ። እንቢ ካለም የሚነግራችሁ ነገር አለ።

ሦስቱን ሂሳብ ላይ ማስቀመጥ

ለምሳሌያችን እነዚህን ቁጥሮች እንያዝ። ተራው ፍሪጅ 100 ያወጣል፣ በዓመት 330 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ኢንቨርተሩ 130 ያወጣል፣ 210 ይበላል። ያገለገለው 45 ያወጣል፣ 650 ይበላል። የናንተ ቁጥር ይለያል፤ መንገዱ ግን ያው ነው።

በ10 ዓመት ተራው 3,300፣ ኢንቨርተሩ 2,100፣ ያገለገለው 6,500 ኪሎዋት ሰዓት ይበላሉ ማለት ነው።

አሁን ታሪፉን እናምጣ። እዚህ ላይ አንድ የምወዳት ጥያቄ አለች፦ የአንድ ተራ ፍሪጅ ዋጋ ስንት ኪሎዋት ሰዓት ይገዛል? የፍሪጁን ዋጋ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ታሪፍ አካፍሉት። መብራት ርካሽ በሆነበት 10,000 ሊመጣ ይችላል። ውድ በሆነበት 2,500 ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህን ቁጥር ካገኛችሁ የገንዘቡ ስም አያስፈልጋችሁም፤ የ10 ዓመቱን ኪሎዋት ሰዓት ለሱ አካፍላችሁ በ100 ስታባዙት የመብራቱ ወጪ ይመጣል።

ታሪፉን ስትወስዱ ግን ተጠንቀቁ። በብዙ አገር ታሪፍ በደረጃ ነው፤ ብዙ የተጠቀመ ለተጨማሪው ከፍ ያለ ዋጋ ይከፍላል። ፍሪጃችሁ ትንሽ ሲበላ የሚቀነሰው ከሂሳቡ አናት ላይ ነው። ስለዚህ መውሰድ ያለባችሁ የምትደርሱበትን የመጨረሻውን ደረጃ ዋጋ ነው እንጂ የመጀመሪያውን፣ ርካሹን አይደለም። ጠቅላላ ሂሳቡን ለጠቅላላ ኪሎዋት ሰዓቱ ማካፈልም ያሳስታል። በውስጡ ብትጠቀሙም ባትጠቀሙም የሚከፈል ቋሚ የአገልግሎት ክፍያ ይኖራል፤ እሱን የትኛውም ፍሪጅ አይቀንስላችሁም።

ጥገናም አለ። ለተራው በ10 ዓመት 12፣ ለኢንቨርተሩ 15፣ ላገለገለው 20 እንያዝ። ያገለገለው ላይ አንድ ሌላ ነገር ይጨመራል። ቀድሞ ዕድሜውን በልቶ ስለመጣ 10 ዓመት ይቆያል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። በ5 ዓመት ይሞትና ሌላ ያገለገለ ይገዛል እንበል። ስለዚህ መግዣው 45 ሳይሆን 90 ነው።

| | መግዣ | ጥገና | መብራት፣ ርካሽ ታሪፍ | ጠቅላላ | መብራት፣ ውድ ታሪፍ | ጠቅላላ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ተራ | 100 | 12 | 33 | 145 | 132 | 244 |
| ኢንቨርተር | 130 | 15 | 21 | 166 | 84 | 229 |
| ያገለገለ | 90 | 20 | 65 | 175 | 260 | 370 |

መብራት ርካሽ የሆነበት ቤት ተራው ያሸንፋል። መብራት ውድ በሆነበት ኢንቨርተሩ ያሸንፋል። ያገለገለው በሁለቱም ወደ ኋላ ቀርቷል፤ እሱን ግን ለብቻው ማየት ይገባል።

ኢንቨርተር መቼ ያዋጣል?

ተራ ሞተር ሁለት ነገር ብቻ ያውቃል፦ በሙሉ ጉልበት መሥራት ወይም መቆም። ኢንቨርተር ሞተር ፍጥነቱን ይለዋውጣል። ውስጡ ከቀዘቀዘ በኋላ በዝግታ እየዞረ ቅዝቃዜውን ይጠብቃል። ቁጠባው ከዚያ ይመጣል፤ ድምፁም ቀስ ያለ ነው። ሲነሳም እንደ ተራው ሞተር በአንድ ጊዜ ብዙ ጉልበት ስለማይስብ፣ በጄኔሬተር ወይም በሶላር ለሚጠቀም ሰው ትልቅ ጥቅም ነው።

ግን በሩ ላይ «ኢንቨርተር» ተብሎ መጻፉ ብቻውን ምንም አይደለም። ኢንቨርተር ሆኖ ብዙ የሚበላ ትልቅ ፍሪጅ አለ። አሁንም ኪሎዋት ሰዓቱን እዩ።

የማዋጫውን ድንበር ለማግኘት የመግዣውንና የጥገናውን ልዩነት በ10 ዓመት ለሚተርፈው ኪሎዋት ሰዓት ማካፈል ነው። በምሳሌያችን ልዩነቱ 33 ነው፤ የሚተርፈው 1,200 ኪሎዋት ሰዓት። ሲካፈል አንዱ 0.0275 ይመጣል። ታሪፋችሁ ከዚህ በላይ ከሆነ ኢንቨርተሩ ያዋጣል። በዚያችው ጥያቄ ስንገልጸው፦ የተራው ፍሪጅ ዋጋ ከ3,600 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ በታች የሚገዛ ከሆነ ኢንቨርተር፣ ከዚያ በላይ የሚገዛ ከሆነ ተራ።

«ታሪፍ እኮ ይጨምራል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ርካሹ ታሪፍ ከ5 ዓመት በኋላ እጥፍ ይሆናል እንበል። የ10 ዓመቱ አማካይ አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል። ተራው ወደ 161.5፣ ኢንቨርተሩ ወደ 176.5 ይወጣል። አሁንም ተራው ይቀድማል። ታሪፍ መጨመሩ ብቻ ውሳኔውን ለመገልበጥ ብዙ መጨመር አለበት። በዛ ላይ ዛሬ የምትከፍሉት 30 በእጃችሁ ያለ ገንዘብ ነው፤ ቁጠባው ግን በየወሩ ተንጠባጥቦ የሚመጣ ነው። ልዩነቱ ለድንበሩ በጣም ከቀረበ እኔ ወደ ርካሹ መግዣ አዘነብላለሁ።

የኢንቨርተሩ ደካማ ጎን ቦርዱ ነው። ሞተሩን የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ካርድ መብራት ከፍ ዝቅ በሚልበት ቤት ሊቃጠል ይችላል፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም። የተራው ፍሪጅ ማስነሻ ወይም ቴርሞስታት ቢበላሽ ብዙ ጠጋኝ በቀላሉ ይቀይረዋል። መብራት በሚያስቸግርበት አካባቢ የምትኖሩ ከሆነ የኢንቨርተሩን ጥገና 15 ሳይሆን 30 አድርጋችሁ ሂሳቡን እንደገና ሥሩት። በውድ ታሪፉ ላይ እንኳ 244 ይሆንና ከተራው ጋር እኩል ይመጣል፤ ብልጫው በአንድ የተቃጠለ ካርድ ጠፋ ማለት ነው። ለመከላከያ ስታቢላይዘር የምትገዙ ከሆነም ዋጋውን ጨምሩ። እሱም ራሱ ትንሽ ትንሽ መብራት ይበላል፤ ሌት ተቀን ስለሚሰካ በዓመት ይታያል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ዓይነት ከሆነ ለተራውም ሞተር ይጠቅማል። ጋዙ ግፊቱ ሳይወርድ ወዲያው የሚነሳ ተራ ሞተር ይጨነቃል።

ያገለገለ የሚያዋጣበት ቀጭን መንገድ

ያገለገለውን ሁለቴ መግዛት ነው የጣለው። አንዱ ራሱ 10 ዓመት ቢቆይ በርካሹ ታሪፍ 45፣ 65 እና 20 ተደምሮ 130 ይሆናል። ከሦስቱም ይቀድማል! ስለዚህ መብራት ርካሽ ከሆነ ያገለገለ ፍሪጅ ቁማር ነው እንጂ ሞኝነት አይደለም። ቁማሩ በዕድሜው ላይ ነው።

በውድ ታሪፍ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በነጻ ቢሰጧችሁና 10 ዓመት ቢቆይ እንኳ 260 መብራትና 20 ጥገና፣ 280 ያስወጣችኋል። አዲሱ ኢንቨርተር ከነመግዣው 229 ነው። «ዘመድ ሰጠኝ» የተባለ አሮጌ ፍሪጅ ከአዲሱ የሚወደደው እንዲህ ነው።

ያረጀ ፍሪጅ ብዙ የሚበላው ሞተሩ ስለደከመ ብቻ አይደለም። በግድግዳው ውስጥ ያለው አረፋ ሙቀት የመከላከል አቅሙ ከዓመታት ጋር ይቀንሳል፤ እሱን የሚጠግን የለም። የበሩ ጎማ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ጋዙ በጥቂቱ ከተነነ ሞተሩ ሳያርፍ ይሠራል። ሊገዙ ሲሄዱ የሚታይ ምልክት አለ። ባዶውን ተሰክቶ ለሰዓታት ከቆየ በኋላ ሞተሩ አንዴም ካልጠፋ፣ ወይም በፍሪዘሩ አንድ ጥግ ብቻ በረዶ ከያዘና ሌላው ባዶ ከሆነ፣ ችግር አለ ማለት ነው። ይህ የሚሠራው ለተራ ሞተር ነው፤ ኢንቨርተር ሳይጠፋ መዞሩ ተፈጥሮው ነው። የውጭ ግድግዳው ላይ ጤዛ የሚወጣበት ከሆነ ደግሞ አረፋው እርጥበት ጠጥቶ ወይም ጎማው ላልቶ ሊሆን ይችላል።

ተለጣፊው የማይነግራችሁ

የአውሮፓው ተለጣፊ ፍጆታውን የሚያሰላው ፍሪጁ በ16 እና በ32 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ተለክቶ፣ አማካዩ ተወስዶ ነው። ወጥ ቤታችሁ ዓመቱን ሙሉ ሞቃት ከሆነ ከተለጣፊው በላይ ትከፍላላችሁ። ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥም ያው ነው። ፍሪጅ ሙቀትን ከውስጥ አውጥቶ ወደ ክፍሉ የሚያስወጣ መሣሪያ ነው፤ ክፍሉ ሲሞቅ ሥራው ይከብዳል። ለሞቃት ቦታ የምትገዙ ከሆነ ሰሌዳው ላይ የአየር ንብረት ምድቡን እዩ። ኤን የሚለው እስከ 32 ዲግሪ፣ ኤስቲ እስከ 38፣ ቲ እስከ 43 ዲግሪ ለሚሞቅ ክፍል የተሠራ ነው።

አንድ የሚገርም ነገር፣ ሙቀቱ የኢንቨርተሩን ጉዳይ ያጠናክረዋል። የሁለቱም ፍጆታ በ30 በመቶ ቢጨምር ልዩነታቸው በዓመት ከ120 ወደ 156 ኪሎዋት ሰዓት ያድጋል። የማዋጫው ድንበርም ይወርዳል። የተራው ፍሪጅ ዋጋ 4,700 ያህል ኪሎዋት ሰዓት የሚገዛበት ቦታ ላይም ኢንቨርተሩ ማዋጣት ይጀምራል።

መጠን ላይ ብዙ አልልም። ትልቅ ፍሪጅ በሊትር ሲካፈል ቆጣቢ ይመስላል፤ የምትከፍሉት ግን ለሊትር ሳይሆን ለጠቅላላው ነው። ግማሹ ባዶ የሚውል ፍሪጅ ባዶውንም ያቀዘቅዛል።

ቤት ያለውስ ይጣል?

ይህ ሌላ ጥያቄ ነው፤ የድሮው መግዣ ከሂሳቡ ወጥቷል። 650 የሚበላውን ትታችሁ 210 የሚበላ ኢንቨርተር ብትገዙ በዓመት 440 ኪሎዋት ሰዓት ትቆጥባላችሁ። በውድ ታሪፉ 17.6 ነው። የ130ውን መግዣ ለመመለስ 7 ዓመት ከ5 ወር ገደማ ይወስዳል። በርካሹ ታሪፍ ወደ 30 ዓመት ይጠጋል፤ አዲሱም ያን ያህል አይቆይም። ስለዚህ የሚሠራን ፍሪጅ ለቁጠባ ብቻ ብሎ መጣል የሚመስለውን ያህል አያዋጣም። ጊዜው የሚደርሰው ሞተር መቀየርን የሚያህል ትልቅ ጥገና ሲመጣ ነው። ያኔ የጥገናውን ዋጋ ከአዲሱ መግዣ ላይ ቀንሱት። ጥገናው 40 ከተባለ አዲሱ ኢንቨርተር 90 ብቻ ነው የሚያስወጣችሁ፤ በውድ ታሪፍ በ5 ዓመት ከጥቂት ይመለሳል።

አዲስ ገዝቶ አሮጌውን «ለመጠባበቂያ» ሌላ ክፍል ውስጥ ሰክቶ ማቆየት ግን ሂሳቡን ያበላሸዋል። ከ650 ወደ 210 መውረድ ቀርቶ ወደ 860 ትወጣላችሁ።

ከመወሰናችሁ በፊት የበሩን ጎማ ፈትሹ። አንድ ወረቀት በበሩ መሐል አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት። ያለምንም መያዝ ከወጣ ጎማው እዚያ ጋ ላልቷል። ዙሪያውን በየቦታው ሞክሩ፤ ማጠፊያው በኩልም ጭምር። በሳሙናና ለብ ባለ ውኃ አጥባችሁ ካልተመለሰ አስቀይሩት። ከጀርባው የጥቁሩን ሽቦ አቧራ ጥረጉ፣ ከግድግዳው ትንሽ ራቅ አድርጉት፣ ፍሪዘሩ ላይ የተጋገረ በረዶ ካለ አቅልጡ። የውስጡን ሙቀት በቴርሞሜትር እዩ፤ ላይኛው 4 ዲግሪ፣ ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18 ከሆነ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ማቀዝቀዝ መብራት ብቻ ነው። ከዚያ መለኪያውን መልሳችሁ ለአንድ ሳምንት ሰኩ። 12.5 የነበረው ወደ 10 ከወረደ የዓመቱ ፍጆታ 520 ገደማ ሆኗል፤ ከአዲሱ ጋር የምታወዳድሩትም ይህንን ቁጥር ነው።